የቡድን ሥራ፣ የግል ማርክ፦ ከምታንጠባጥብ ቧንቧ የተነሣ የሦስት ሳምንት ፕሮጀክት

ከዓመታት በፊት አስተምርበት በነበረ ትምህርት ቤት ለአንድ ቡድን የፕሮጀክት ሥራ ከ20 ማርክ 18 ሰጠሁ። ሪፖርቱ ንጹሕ፣ ግራፉ በማስመሪያ የተሠመረ፣ ሽፋኑም በባለ ቀለም እስክሪብቶ ያጌጠ ነበር። ወረቀቱን በመለስኩ ዕለት ከአምስቱ አንዱን ግራፉ ላይ ያለው የቆመው መስመር ምን እንደሚለካ ስጠይቀው ዝም አለ። ከክፍል ስወጣ ከዚያው ቡድን አንዲት ልጅ ተከትላኝ መጥታ «ቲቸር፣ እሱ እኮ ወረቀቱን ያየው ዛሬ ነው» አለችኝ። አምስቱም 18 አግኝተዋል፤ የማን ማርክ እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም ነበር። ቁጥሩን ለመቀየር ብፈልግ እንኳ የምመረኮዝበት ነገር በእጄ አልነበረም፤ ያለኝ አንድ የተጠረዘ ወረቀት ብቻ ነበር።

ችግሩ የልጆቹ ስንፍና ብቻ እንዳልሆነ ለማወቅ የገመድ ጉተታን ማሰብ ይበቃል። ማክስ ሪንግልማን የተባለው ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ በ1913 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ገመድ የሚጎትቱ ሰዎች ቁጥር በጨመረ መጠን እያንዳንዱ ሰው የሚያወጣው ጉልበት እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳይቷል። የአንዱ ጉልበት ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ለብቻው በማይታይበት ቦታ ሰው ሳይታወቀው እጁን ያላላል። የኛ የቡድን ሥራም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ነበር፤ በተለይ «አንድ ለአምስት» በሚባለው አደረጃጀት ጎበዙ ተማሪ መሪ ይሆንና ሥራውን ጠቅልሎ ይዞት ይሄዳል፣ ሌሎቹ ስማቸውን ያስመዘግባሉ።

ስለዚህ ፍትሐዊ የግል ማርክ በመጨረሻው ቀን በሒሳብ የሚፈጠር ነገር አይደለም። እያንዳንዱ ተማሪ በየሳምንቱ የራሱ የሆነ፣ መምህሩ በእጁ ሊይዘው የሚችል አሻራ እንዲተው አስቀድሞ የታቀደ መሆን አለበት። ከዚህ በታች የማስረዳው ዕቅድ 50 ተማሪ ላለበት የዘጠነኛ ክፍል የተዘጋጀ ሲሆን፣ በሳምንት አራት ባለ 40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ በጠቅላላው 12 ክፍለ ጊዜ ይወስዳል። የፕሮጀክቱ ጥያቄ አንድ ነው፦ በግቢያችን ያሉት የሚያንጠባጥቡ ቧንቧዎች በወር ስንት ውኃ ያፈስሳሉ?

ዕቅዱ ላይ ሁለት ቃላት ስለሚደጋገሙ ልዩነታቸውን ላስቀምጥ። «ርክክብ» የምለው ተማሪዎች ያለቀ ነገር ለመምህሩ የሚያስረክቡበትን ዕለት ነው፤ የሚቀበሉት ደረሰኝ ባይኖርም ቀኑ፣ የሚረከበው ወረቀትና ማርኩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይታወቃሉ። «ፍተሻ» ደግሞ መምህሩ ሥራው ሳያልቅ ቆም አድርጎ የሚያይበት ነው። ርክክብ ማርክ አለው፣ ፍተሻ የለውም። ፍተሻ ላይ ማርክ ከተሰጠ ተማሪው ያላወቀውን ይደብቃል፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ ያላወቀውን እንዲያሳየን ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ፕሮጀክት የሚበላሸው ግን እዚሁ ነው። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቹ ጥያቄውንና የማርክ አሰጣጡን ሠንጠረዥ በአንድ ላይ ያገኛሉ። በሁለተኛው ቡድኖቹ ይነገራሉ፤ አሥር ቡድን፣ በየቡድኑ አምስት ተማሪ። በአንድ ዴስክ የተቀመጡትን አንድ ላይ ማድረግ አልወድም፤ ጓደኛ በጓደኛው ላይ እውነቱን ለመጻፍ ይቸገራልና። መሪ የሚባልም አልሾምም። በዚያው ክፍለ ጊዜ ወጥተው አንዲት ቧንቧ ሥር የሃይላንድ ጠርሙስ ደቅነው ለአሥር ደቂቃ ይሞክራሉ። ሙከራው ማርክ የለውም፤ ጥቅሙ ችግሩን እንዲያዩት ነው። የጠርሙሱ አፍ ጠባብ ስለሆነ ጠብታው ወደ ውጭ ይረጫል፣ አንዱ ሰዓት ሲጀምር ሌላው ጠርሙሱን ገና አልደቀነም፣ የተጠራቀመውን ለመለካትም ጠርሙሱ ላይ መስመር የለም። ከዚያ በኋላ ነው አንዱ ልጅ የጠርሙሱን አንገት ቆርጦ ገልብጦ እንደ ማጥለያ መጠቀም እንደሚቻል፣ ሌላው ደግሞ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ለመለኪያ እንደሚሆን የሚያስበው።

በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የአንድ ገጽ የልኬት ዕቅድ ይጽፋሉ፤ በአራተኛው ያስረክባሉ። ይህ የመጀመሪያው ርክክብ ነው። አሥር ቡድን ለእያንዳንዱ አራት ደቂቃ ሲደርሰው 40 ደቂቃው ያልቃል፤ ስለዚህ ለሁሉም ሰው ጥያቄ ማቅረብ አይቻልም። እኔ የማደርገው የቡድኑን አምስት ስሞች በትናንሽ ወረቀት ጽፌ ዕጣ አወጣለሁ፤ የወጣለት ስለ ዕቅዱ ያስረዳል፣ ሌሎቹ አይረዱትም። ማን እንደሚወጣለት ስለማይታወቅ፣ ከርክክቡ በፊት ባለው ዕረፍት ጎበዙ ልጅ ለሌሎቹ ሲያስረዳ ታየዋለህ። የወጣለት ልጅ ማስረዳት ካልቻለ ማርክ አይቀነስም፤ ዕቅዱ ግን አይፈረምም፣ ሳይፈረም ደግሞ ወደ ልኬት አይገባም፤ በማግሥቱ ዕረፍት ላይ ይመለሳሉ።

አሁን ወደ ዋናው ብልሃት እንምጣ። ዕቅዱ ላይ ከሁሉም ቡድን የምጠይቀው አንድ ነገር አለ፦ አምስቱ አባላት ያችኑ ቧንቧ በአምስት የተለያየ ሰዓት፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻ፣ ለአሥር አሥር ደቂቃ ይለካሉ። አንዱ ጠዋት ከደወል በፊት፣ አንዱ በዕረፍት፣ አንዱ በምሳ ሰዓት፣ አንዱ ከምሳ በኋላ፣ አንዱ ከትምህርት በኋላ። ይህ ለማርክ ብቻ የተፈጠረ ሰው ሠራሽ ክፍፍል አይደለም። የውኃ ግፊት በቀኑ ውስጥ ስለሚለዋወጥ የአንድ ሰዓት ልኬት ቀኑን አይወክልም፤ ቡድኑ አማካይ ለማውጣት የአምስቱም ቁጥር በእርግጥ ያስፈልገዋል። ሥራን «አንቺ ጻፊ፣ አንተ ሣል፣ አንተ አቅርብ» ብሎ መከፋፈል ግን ከዚህ ይለያል፤ ሣዪው ስለ ልኬቱ ሳያውቅ፣ ጸሐፊዋም ሌላ ሳትማር ፕሮጀክቱ ያልቃል። በብዙ ክፍል ደግሞ «ጽሑፏ ያምራል» እየተባለ ጸሐፊነቱ ሁልጊዜ ሴቶቹ ላይ ይወድቃል።

ሁለተኛው ሳምንት የልኬት ሳምንት ነው። ተማሪው የራሱ ወረቀት አለው፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቧንቧውን ቦታ፣ የተጠራቀመውን ሚሊ ሊትርና ያጋጠመውን ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር በእጁ ይጽፋል። ቡድኑ በአምስተኛውና በስድስተኛው ክፍለ ጊዜ ክፍል ውስጥ ቁጥሮቹን በሠንጠረዥ ያሰፍራል፣ በሰባተኛው አምስቱን ወረቀቶች ያስረክባል። በመካከል፣ ማለትም በስድስተኛው ክፍለ ጊዜ፣ ፍተሻ አለ። ይህ ፍተሻ የግድ ነው፤ ምክንያቱም ውኃ በፈረቃ በሚታደልበት ሰፈር ልክ በልኬቱ ቀን ቧንቧው ደረቅ ሊሆን ይችላል። በሳምንቱ መጀመሪያ ሁለት ቀን ለልኬት ካልተያዘ አንድ የውኃ መቋረጥ ፕሮጀክቱን በሙሉ ያፈርሰዋል። በሕመም የቀረ ልጅም የሚለካው በዚሁ ትርፍ ቀን ነው፤ የእሱን ቁጥር ሌላ ሰው እንዲለካለት አልፈቅድም።

የተፈበረከ ቁጥር እንዴት ይታወቃል? እውነተኛ ልኬት ይበታተናል። አንድ ቡድን ያስረከበው 212፣ 240፣ 226፣ 190 እና 232 ሚሊ ሊትር ነበር፤ ሲደመር 1,100፣ ለአምስት ሲካፈል 220 ይሆናል። ሌላው ያመጣው 250፣ 250፣ 250፣ 245 እና 250 ነበር። ይህኛው ወረቀቱ ላይ ሁሉም በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ የተሞላ መሆኑን ሳይ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ይሁን እንጂ ጥርጣሬ ብቻውን ማስረጃ ስላልሆነ አንዱን ቧንቧ ሁለት ቡድኖች በተለያየ ቀን እንዲለኩት አደርጋለሁ፤ ግቢያችን ውስጥ የሚያንጠባጥቡት አምስት ስለሆኑ አሥሩ ቡድን በትክክል ይዳረሳል። የሁለቱ አማካይ በጣም ከተራራቀ ሁለቱም አብረውኝ ወጥተው እንደገና ይለካሉ። አንዳንዴ ልዩነቱ እውነተኛ ሆኖ ይገኛል፤ ለምሳሌ በመካከሉ ጥበቃው ቧንቧውን ጠበቅ አድርጎት ሊሆን ይችላል፣ ይህም ሪፖርቱ ላይ የሚጻፍ ግኝት ነው።

ከስምንተኛው እስከ አሥረኛው ባሉት ሦስት ክፍለ ጊዜያት ቡድኖቹ ሪፖርታቸውን ሲጽፉ እኔ ተማሪዎቹን አንድ በአንድ እጠራለሁ። ለአንዱ ሁለት ደቂቃ ሲደርስ ለ50 ተማሪ 100 ደቂቃ ይሆናል፤ ሦስቱ ክፍለ ጊዜ 120 ደቂቃ ስለሆነ ይበቃል። ጥያቄው ከልጁ የራሱ ወረቀት ይጀምራል፣ ከዚያ አንድ እርምጃ ወደፊት ይሄዳል። ከላይ ያየነውን ቡድን እንውሰድ። በአሥር ደቂቃ 220 ሚሊ ሊትር ማለት በሰዓት 1.32 ሊትር፣ በ24 ሰዓት ደግሞ ወደ 31.7 ሊትር ነው፤ ከባለ 20 ሊትር ጄሪካን አንድ ተኩል ያህል። ቡድኑ ይህን በ30 አባዝቶ በወር 950 ሊትር ብሎ ጽፏል። የኔ ጥያቄ «እዚህ ሰፈር ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?» የሚል ነው። ሦስት ቀን ከሆነ ቧንቧውም የሚያንጠባጥበው በሦስቱ ቀን ነው፤ 950ው በሰባት ተካፍሎ በሦስት ሲባዛ ወደ 407 ሊትር ይወርዳል። ይህን በራሱ ያሰበ ልጅ ስለ ልኬት ያወቀው ነገር አለ። ያላሰበው ግን ፍንጩን ሲሰማ ያረመው ልጅም ማርክ አለው። 950 የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ የማያውቀውን ደግሞ ያማረው ሪፖርት አያድነውም። መልሱን በአማርኛ ቢሰጡ እቀበላለሁ፤ የዘጠነኛ ክፍል ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ ካልተጠነቀቅን የምንለካው የቋንቋ ችሎታን ይሆናል።

በአሥራ አንደኛው ክፍለ ጊዜ ቡድኖቹ ባለ ሁለት ገጽ ሪፖርታቸውንና የትኛው ቧንቧ በቅድሚያ ጎማ ሊቀየርለት እንደሚገባ የሚገልጽ ደብዳቤ ያስረክባሉ፣ በአራት አራት ደቂቃም ያቀርባሉ። የሚጠገነውን የሚወስነው የትምህርት ቤቱ ሰው ቢገኝ መልካም ነው፤ የእሱ ጥያቄ ከኔ ይልቅ ያስጨንቃቸዋል። በአሥራ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ማንም ያላያቸው አምስት ቁጥሮች ተሰጥተው እያንዳንዱ ተማሪ የወሩን ብክነት ለብቻው ያሰላል።

ማርኩ እንዴት ይሰበሰባል? ፕሮጀክቱ በተከታታይ ምዘና ውስጥ 20 ማርክ ይዟል። ከዚህ 8ቱ የቡድን ነው፤ 2 ለዕቅዱ፣ 6 ለሪፖርቱና ለአቀራረቡ። 12ቱ የግል ነው፤ 3 ለራሱ የልኬት ወረቀት፣ 4 ለቃል ጥያቄው፣ 5 ለመጨረሻው ስሌት። የቡድኑን ድርሻ ከግማሽ በታች ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው፤ ጨርሼ ያላጠፋሁት ደግሞ ማርክ የሌለው ትብብር ከሁለተኛው ሳምንት ስለማያልፍ ነው።

የሚያከራክረው 8ቱን ለአምስቱም እኩል መስጠት ይገባል ወይ የሚለው ነው። እዚህ ላይ የአባላት እርስ በርስ ግምገማ ይመጣል። እያንዳንዱ ተማሪ ራሱን ሳይጨምር ለአራቱ ጓደኞቹ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል፣ ከነጥቡም ጎን ሰውዬው የሠራውን አንድ ነገር ይጽፋል። ወረቀቱን የማየው እኔ ብቻ ነኝ። የአንዱ ተማሪ አማካይ ለቡድኑ አማካይ ተካፍሎ የሚገኘው ቁጥር በቡድኑ ማርክ ይባዛል። ከ0.9 እስከ 1.1 ያለውን ልዩነት እንደሌለ እቆጥረዋለሁ፤ ከዚያ ውጭ ያለውን ደግሞ ወደ ላይ ከ1.1፣ ወደ ታች ከ0.7 አላሳልፍም። ሁሉም ተስማምተው ለሁሉም 5 ቢሰጡ ማንም አይጠቀምም፤ እኩል ለእኩል ሲካፈል አንድ ነውና።

አንድ ቡድን ላይ እንየው። አባላቱን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እና ሠ እንበላቸው። ቡድኑ ከ8 ላይ 7 አግኝቷል። የደረሳቸው አማካይ ነጥብ ለሀ 4.5፣ ለለ፣ ለሐና ለመ 4 4፣ ለሠ 2 ነው። የቡድኑ አማካይ 3.7 ይሆናል። ሀ 1.22 ስለሚያገኝ በጣሪያው 1.1 ተባዝቶ 7.7 ይደርሰዋል፤ ሦስቱ 1.08 ስለሆኑ በ7 ይቆያሉ፤ ሠ 0.54 ስለሆነ በወለሉ 0.7 ተባዝቶ 4.9 ይሆንበታል። ስሌቱ ትክክል ነው፤ መምህር እዚህ ላይ ቆሞ ማርኩን ቢመዘግብ ግን በደል ይፈጽማል።

ምክንያቱም የሠ የልኬት ወረቀት በእጄ ነበር፤ ከአምስቱ በጣም የተሟላው እሱ ነው። የሠንጠረዡ ረቂቅም በእሱ እጅ ጽሑፍ የተጻፈ ነው። በቃል ጥያቄው ላይ የፈረቃውን ነገር ሳልጠይቀው አነሣው፤ ከግሉ 12 ማርክ 11 አገኘ። ለጓደኞቹ ግን ዝምተኛ ነው፣ ከሌላ ክልል በዚያው ዓመት የመጣ፣ አማርኛው ገና ያልለሰለሰ ልጅ። ከነጥቡ ጎን አንዱ «አይናገርም» ብሎ የጻፈው ይህንኑ ነው። ሀ በበኩሉ ተናጋሪ ነው፣ ቡድኑን አቅራቢው እሱ ነበር፤ በግል ማርኩ ግን ከ12 ላይ 7 ነው ያገኘው። የእርስ በርስ ግምገማ ሥራን እለካለሁ ቢልም ጨዋታ አዋቂነትን፣ ጓደኝነትን፣ አንዳንዴም ጾታንና ቋንቋን አብሮ ይለካል። ስለሆነም ደንቡ እንዲህ ነው፦ ዝቅተኛ ነጥብ ወደ ወረቀቱ ተመልሰህ እንድታይ የሚያዝህ ጥያቄ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ወረቀቱና ነጥቡ ሲጋጩ ወረቀቱ ያሸንፋል።

የሠ ነጥብ ከስሌቱ ሲወጣ የአራቱ አማካይ 4.125 ይሆናል፤ ሀ 1.09፣ ሦስቱ 0.97 ስለሚሆኑ ሁሉም እንደ እኩል ይቆጠራሉና አምስቱም 7 ይይዛሉ። በመጨረሻ ሠ 18፣ ሀ 14 አገኙ። በድሮው አሠራሬ ቢሆን የ8ቱ 7 ወደ 20 ተለውጦ ሁለቱም 17.5 ያገኙ ነበር። በተቃራኒው ግምገማውም ዝቅተኛ፣ ወረቀቱም ባዶ ከሆነ ግን 0.7ቱን እተገብራለሁ፤ ልጁን ጠርቼ ምክንያቱን ከሰማሁ በኋላ።

ማርኩ ሲመለስ እያንዳንዱ ተማሪ አራት ቁጥር የያዘች ትንሽ ወረቀት ይደርሰዋል፦ የቡድን፣ የልኬት፣ የቃል፣ የስሌት። ቅር ያለው በሁለት ቀን ውስጥ የትኛው ቁጥር እንዳልተስማማው ለይቶ ይመጣል። «ማርኬ አነሰ» ብሎ መምጣት አይቻልም፣ «የልኬቱ ለምን 1 ሆነ?» ብሎ ግን ይቻላል፤ ወረቀቱን አውጥተን አብረን እናያለን፤ ተሳስቼ ከሆነም እዚያው እቀይራለሁ።

ዕቅዱ የሚጨነቀው ክፍሉ 70 ተማሪ ሲሆን ነው። የቃል ጥያቄው ብቻ 140 ደቂቃ ስለሚፈልግ ሦስቱ ክፍለ ጊዜ አይበቁትም። ያኔ ብዙ መምህር በመጀመሪያ የሚሠርዘው የቃል ጥያቄውን ነው፤ የሚታየውና ለእንግዳ የሚያምረው አቀራረቡ ስለሆነ። እኔ የምሠርዘው አቀራረቡን ነው፤ አራቱ ክፍለ ጊዜ 160 ደቂቃ ይሰጡኛል፣ ሪፖርቶቹም ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ።